ስሪ ፌዝ ሞተር ያጓራል እንጂ አይነሳም፤ ቮልቴጁ ደግሞ ሦስቱም ላይ ሙሉ ነው

መላጊያ_ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። የእንጨት መላጊያ ማሽን የሚያዞር ሞተር አስቸግሮኛል። 5.5 ኪሎዋት ነው። ፕሌቱ ላይ 400 ቮልት ዴልታ፣ 11 አምፒር፣ 1440 ዙር ይላል። አነሳሱ ቀጥታ ነው፤ ብሬከር፣ ኮንታክተር፣ ኦቨርሎድ፣ ከዚያ ሞተር። ስታር ዴልታ የለውም።

ትናንት ቀኑን ሙሉ ሠርቷል። ወደ ማታ ላይ ድምፁ ከበድ ያለ መሰለኝ፣ ሰውነቱም ከወትሮው ሞቆ ነበር። ሥራው ስላለቀ አጠፋሁት። ዛሬ ጠዋት ስታርት ስጫን ኮንታክተሩ "ቀጭ" ብሎ በደንብ ይይዛል። ሞተሩ ግን "እምምም" እያለ ያጓራል፤ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ኦቨርሎዱ ይጥላል።

ግራ የገባኝ ነገር ይሄ ነው። መብራት ባለው ቴስተር ካቻቢቴ ስነካ ሦስቱም ፌዝ ይበራል። በመልቲሜትር ኮንታክተሩ መግቢያ ላይ ስለካ በሁሉም መካከል 400 አካባቢ ነው። ፌዝ ካልጠፋ ምን ሊሆን ይችላል? ጥቅሉ ተቃጥሎ ይሆን?

ውሃ_ፓምፕ

ወንድሜ ይሄ በጣም ቀላል ነው። ካፓሲተሩ ሞቷል። የኔም የውሃ ፓምፕ ልክ እንደዚህ እያጓራ እምቢ ይል ነበር፤ ካፓሲተር ቀይሬለት በአንዴ ተነሳ። ሞተሩ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ቆብ ፍታና እያት።

መላጊያ_ቤት

ስሪ ፌዝ ነው እኮ፣ ካፓሲተር የለውም። ያንተ ሲንግል ፌዝ ይመስለኛል።

ቆራጩ

ካፓሲተሩን እርሳው። ቺንጋውን አውልቅና ዘንጉን በእጅህ አዙረው። ከያዘ ኩሽኔታው ነው። በነፃ ከዞረ ደግሞ የጎደለው ፌዝ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ገመድ ጠምጥመህ ዘንጉን ሳብ አድርግና እየዞረ ስታርት ተጫን። ከተነሳ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ የዛሬውን ሥራ በዚያው ትጨርሳለህ፣ መስመሩን ነገ ታየዋለህ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው።

ዘንግና_ኩሽኔታ

ቆራጩ ግማሹን በትክክል ተናግረሃል። ሌላው ግማሽ ግን ሞተር ይበላል።

ቺንጋውን አውልቆ ዘንጉን ማዞር የመጀመሪያው ሥራ ነው፣ እስማማለሁ። ኃይሉ ብሬከሩ ላይ ጠፍቶ፣ ማንም እንዳያበራው ተቆልፎ ይደረግ። ዘንጉ በሁለት ጣት ከዞረ፣ ካልፋቀ፣ ካልተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልያዘም። መላጊያውን ራሱንም ለብቻው አዙረው። አንዳንዴ ሞተሩ ደህና ሆኖ የያዘው ቢላዋ ያለበት ከበሮ ነው።

በእጅ ገፍቶ ማስነሳት የሚሠራበት ምክንያት አለ። ከሦስት ፌዝ አንዱ ሲጎድል የቀሩት ሁለቱ የሚሠሩት ማግኔት ዙሪያውን አይዞርም። ባለበት መስመር ላይ እየጠነከረና እየደከመ ይገላበጣል። ወደ ቀኝም ወደ ግራም እኩል ስለሚጎትት የቆመ ዘንግ የትም አይሄድም። ፔዳሉ ልክ አናት ላይ የቆመ ብስክሌት እንደመርገጥ ነው፤ ጉልበት አለ፣ አቅጣጫ የለም። ትንሽ ከገፋኸው ግን በገፋኸው በኩል ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ብትገፋው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ብትገፋው ወደ ግራ። ስለዚህ ፈተናው ፌዝ መጥፋቱን ያሳያል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የሚዞር ዘንግ ላይ ገመድ መጠምጠም እጅ ይዞ ይሄዳል። ደግሞም እንዲህ የተነሳ ሞተር ያንኑ ሥራ በሁለት ሽቦ ለመሥራት ከወትሮው ወደ 1.7 እጥፍ የሚጠጋ አምፒር ይስባል። ኦቨርሎዱ ካልጣለው ጥቅሉ ይጥለዋል።

መላጊያ_ቤት፣ ትናንት ማታ ድምፁ ከብዶ፣ ሰውነቱ ሞቆ ነበር ያልከው ለኔ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሞተር እየዞረ ሳለ አንድ ፌዝ ቢያጣ ወዲያው አይቆምም፤ ጭነቱ ቀለል ካለ እየከበደውም ቢሆን ይሄዳል። አንዴ ከጠፋ ግን ዳግመኛ አይነሳም። "ትናንት ሲሠራ ነበር፣ ዛሬ ያጓራል" ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የፌዝ ችግር ይዞ ነው የሚመጣው።

አሁን ግምቱን እንተውና እንለካ። ክላምፕ ሜትር አለህ?

መላጊያ_ቤት

ጋሼ አመሰግናለሁ። ክላምፕ ሜትር አለኝ። ቺንጋውን አውልቄ ሞተሩን አዞርኩት፤ ለስላሳ ነው፣ ምንም አይፋቅም። መላጊያውም ለብቻው በደንብ ይዞራል። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። ሦስቱም ላይ 400 እያየሁ ፌዝ ጠፍቷል ማለት እንዴት ይቻላል?

ዘንግና_ኩሽኔታ

400 ያየኸው መቼ ነው? ስታርት ከመጫንህ በፊት ነው ወይስ ሞተሩ እያጓራ?

መላጊያ_ቤት

ከመጫኔ በፊት። ኮንታክተሩ ክፍት እያለ።

ዘንግና_ኩሽኔታ

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

መልቲሜትር ሲለካ የሚስበው ኮረንት ከምንም አይቆጠርም። ውስጡ ብዙ ሚሊዮን ኦም አለ። ከሰል የለበሰ ኮንታክት ወይም ለመላቀቅ ጥቂት የቀረው ብሎን ያቺን ታህል ኮረንት በቀላሉ ያሳልፋል። ስለዚህ ሜትሩ 400 ያሳይሃል፣ አልዋሸም። ሞተሩ በዚያው መንገድ 60 እና 70 አምፒር ልሳብ ሲል ነው መንገዱ እንደሌለ የሚታወቀው። ያለ ጭነት የተለካ ቮልቴጅ ገመዱ መድረሱን እንጂ ገመዱ መሸከም መቻሉን አይነግርህም።

አሁን እንዲህ አድርግ። ኃይሉን አጥፋ። ከኦቨርሎዱ በታች ያሉትን ሦስት ሽቦዎች ነጣጥላቸው፤ ክላምፑ አንዷን ብቻ እንዲያቅፍ። ከፍተኛውን የሚይዝ ቁልፍ ካለው ተጠቀምበት። ከዚያ ኃይል ስጥና ስታርት ተጭነህ 2 ወይም 3 ሰከንድ ብቻ ቆይ፣ አጥፋ። ቀጥሎ ሁለተኛው ሽቦ፣ ቀጥሎ ሦስተኛው። በመካከል ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሳርፈው። ቆሞ የሚያጓራ ሞተር ማራገቢያው አይሠራም፣ ሙቀቱ መሄጃ የለውም። ኦቨርሎዱን ደጋግሞ ሪሴት እያደረጉ መሞከር የብዙ ሞተር ሞት ነው።

የምታገኘው ቁጥር ራሱ ይናገራል። ሦስቱም እኩልና በጣም ከፍ ያሉ ከሆኑ ኤሌክትሪኩ ሙሉ ነው፤ አንድ ነገር ዘንጉን ይዞታል። ሦስቱም እኩል ሆነው ግን ከሚጠበቀው ሲሶ ያህል ብቻ ከሆኑ ዴልታ መሆን ያለበት ሞተር በስታር ታስሯል ማለት ነው፤ ጉልበቱም ሲሶ ስለሚሆን ጭነት ይዞ አይነሳም። ሁለቱ ከፍ ብለው አንዱ ዜሮ ከሆነ የምንፈልገውን አገኘን።

ክሬን_ኦፕሬተር

ይቅርታ ጋሼ፣ በመሃል ልግባና፣ የኔም ሞተር ያጓራል። የእቃ ማንሻ ክሬን ላይ ነው። ሦስቱንም ለክቼ እኩል አገኘሁ፣ ወደ 40 አምፒር። በተለመደው ጊዜ 7 ነው የሚስበው። የኔ ታዲያ የቱ ነው?

ዘንግና_ኩሽኔታ

ያንተ ፌዝ አይደለም። ከ7 ወደ 40 ማለት ስድስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ሦስት ፌዝ ተሟልቶለት ዘንጉ የታሰረ ሞተር የሚስበው ነው። የክሬን ሞተር ኋላው ላይ ፍሬን አለው። ሞተሩ ኃይል ሲያገኝ ፍሬኑ "ጠቅ" ብሎ መልቀቅ አለበት። ያንን ድምፅ ትሰማለህ? ካልሰማህ የፍሬኑን ኮይልና ኮረንቱን ወደ ዲሲ የምትቀይረዋን ትንሽ ሬክቲፋየር ተመልከት። ግን ተጠንቀቅ፤ የተንጠለጠለ ዕቃ ካለ መጀመሪያ መሬት ይውረድ ወይም ይደገፍ። ፍሬኑን በእጅ የለቀቅክ ቀን ዕቃው ይወርድብሃል።

ቆራጩ

እኔ አሁንም የምለው ከብሬከሩ በላይ ያለው ዋና ፊውዝ ነው። አንዱ ፊውዝ ሲቃጠል ነው ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው። ልኬት ሳታበዛ ሂድና ፊውዙን ቀይር።

መላጊያ_ቤት

ለካሁ። አንደኛው 61፣ ሁለተኛው 62፣ ሦስተኛው 0 ነው። ሦስተኛውን ደግሜ ለካሁት፣ ያው ዜሮ።

ፊውዙ ከተቃጠለ ግን ኮንታክተሩ እንዴት ይይዛል ቆራጩ?

ዘንግና_ኩሽኔታ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የኮንታክተሩ ኮይል ኃይሉን የሚያገኘው ከአንደኛውና ከሁለተኛው ፌዝ፣ ወይም ከአንዱና ከኒውትራል ሊሆን ይችላል። ኮይሉ ሦስተኛውን ካልነካ ሦስተኛው ቢሞትም "ቀጭ" ብሎ ይይዛል። ያንተ ኮንታክተር ሳይንቀጠቀጥ መያዙ ሦስተኛው ፌዝ ኮይሉ ላይ እንደሌለ ይጠቁማል፤ ፌዙ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም።

ፊውዝ ሊሆን ይችላል፣ ቆራጩ አልተሳሳተም። ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ፊውዝ ግን ኮንታክተሩ መግቢያ ላይ ያለ ጭነት 400 ባላሳየህ ነበር፣ ሌላ ማሽን ወደ ኋላ እየመለሰ ካላታለለህ በስተቀር።

62 ደግሞ የሚያምር ቁጥር ነው። የዚህ ሞተር ሙሉ የመነሻ ኮረንት ከ6 እስከ 7 እጥፍ ቢሆን 70 ገደማ ነው። አንድ ፌዝ ሲጎድል ከዚያ ላይ ወደ 87 በመቶው ነው የሚቀረው። እና ታያለህ፣ ገጥሟል።

አሁን ቮልቴጁን እያጓራ ለካ። የሜትሩን ሽቦዎች በእጅህ ይዘህ አይደለም። ኃይሉ ጠፍቶ ሳለ የአዞ አፍ መያዣ ያላቸውን አስረህ፣ ገለል ብለህ፣ ስታርት ተጫን። መጀመሪያ ከኦቨርሎዱ መውጫ ላይ ሦስቱን ጥንዶች፣ ከዚያ ኮንታክተሩ መግቢያ ላይ ሦስቱን ጥንዶች። እየጠበቅኩ ነው።

ተማሪ_ኤሌክትሪክ

እስከዚያ ልጠይቅ። ቴስተር ካቻቢቴው ሦስቱም ላይ ለምን በራ? ፌዙ ከጠፋ መጥፋት አልነበረበትም?

ጠምጣሚዋ

እኔ ልመልስ፤ ሞተር ስጠመጥም ነው የምውለው። ኮንታክተሩ ሲዘጋ አንደኛውና ሁለተኛው ፌዝ በሞተሩ ጥቅል ውስጥ አልፈው በሦስተኛው ሽቦ ላይ ይወጣሉ። ሞተሩ ውስጥ ሦስቱም የተያያዙ ናቸው እኮ። ስለዚህ የሞተው ሽቦ ከሞተሩ በኩል ሕያው ይሆናል። ለቴስተሯ ትንሽ መብራት ያ ይበቃታል። ኮንታክተሩ ክፍት ሲሆን ደግሞ ጋሼ እንዳሉት በከሰሉ ውስጥ ሾልኮ ይደርሳል። ቴስተር ኃይል መኖሩን ለመፍራት ጥሩ ነው፣ ፌዝ መሟላቱን ለማወቅ ግን አትመኑት።

ቁጥሩንም ልንገርህ። ሞተሩ ቆሞ እያጓራ ከሆነ የሞተው ጫፍ የሚቀመጠው በሁለቱ ሕያዋን ልክ መካከል ላይ ነው። በዴልታ ሁለት ጥቅሎች ተከታትለው ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ፌዝ ተዘርግተዋል፤ የሞተው ጫፍ መገናኛቸው ላይ ነው። 400 ለሁለት ሲካፈል 200፣ 200። ከመሬት ሲለካ ደግሞ 115 ገደማ። ያ 115 ነው ቴስተርህን ያበራው።

ተማሪ_ኤሌክትሪክ

ገባኝ። ማለትም 400፣ 200፣ 200 ካየሁ ፌዝ ጠፍቷል ማለት ነው?

ጠምጣሚዋ

ዘንጉ ከቆመ አዎ። እየዞረ ከሆነ አይሠራም፤ የሚዞረው ሮተር በሞተው ጫፍ ላይ ቮልቴጅ ይፈጥርና ሜትሩ ወደ ሙሉው የቀረበ ቁጥር ሊያሳይህ ይችላል። ለዚህ ነው በሁለት ፌዝ እየሄደ ያለ ሞተር ላይ ቮልቴጅ ለክቶ "ደህና ነው" የሚል ሰው የሚበዛው። እየዞረ ላለ ሞተር ክላምፕ ነው ዳኛው።

መላጊያ_ቤት

ኦቨርሎዱ መውጫ ላይ፣ እያጓራ፦ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል 390። በአንደኛውና በሦስተኛው 194። በሁለተኛውና በሦስተኛው 196። ጠምጣሚዋ ያለችው ነው የመጣው!

ኮንታክተሩ መግቢያ ላይ ደግሞ ያው 390፣ 194፣ 196። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ፤ ከመጫኔ በፊት እዚያው ቦታ ላይ 400 ነበር።

ዘንግና_ኩሽኔታ

በጣም ጥሩ። ኮንታክተሩን ነፃ አወጣኸው። መግቢያው ላይ ከመጫንህ በፊት 400፣ ስትጫን 195 ከሆነ የተበላሸው ከዚያ በላይ ነው። ከመግቢያው በላይ ያለህ ምንድን ነው? ገመድ፣ የብሬከሩ የታች ብሎኖች፣ ብሬከሩ ራሱ፣ የላይ ብሎኖች፣ ከዚያ ዋናው መስመር።

አሁን ከፌዝ ወደ ፌዝ አትለካ። በአንድ ፌዝ መንገድ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ለካ። ኃይሉ በዋናው ማብሪያ ጠፍቶ አንዱን መያዣ በሦስተኛው ፌዝ ከብሬከሩ በላይ፣ ሌላውን በዚያው ፌዝ ከብሬከሩ በታች እሰር። ስታርት ስትጫን ጤነኛ መንገድ ከሆነ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ ከአንድ ቮልት በታች። የተቋረጠ ከሆነ ግን 340 ገደማ ታያለህ። ለምን 340? የሞተው ጫፍ በሁለቱ ፌዞች መካከል ላይ ነው ብላለች ጠምጣሚዋ፤ ሦስተኛው ፌዝ ከዚያ መካከለኛ ነጥብ ያለው ርቀት የመስመሩ ቮልቴጅ 87 በመቶው ነው። ለማነፃፀር አንደኛውንም በዚያው መንገድ ለካው።

ሜትርህ ለ600 ቮልት የተሠራ ይሁን፣ ሽቦዎቹም ያልተላጡ። ዋናው ሰሌዳ ላይ ስትሠራ ብቻህን አትሁን። ልማዱ ከሌለህ ይሄን አንዱን ልኬት ለባለሙያ ተውለት፤ አያሳፍርም።

መላጊያ_ቤት

ከጎረቤት ያለ ኤሌክትሪሽያን ጠርቼ አብረን ለካን። አንደኛው ፌዝ በብሬከሩ ላይ 0.2 ቮልት። ሦስተኛው 337።

አጥፍተን፣ ከዋናው ቆልፈን ብሬከሩን አወጣነው። የሦስተኛው ፌዝ የታች ብሎን ያለ ካቻቢቴ በጣት ይዞራል። ፕላስቲኩ በዚያ በኩል ቡናማ ሆኖ ተነፍቷል፤ የገመዱም ልብስ ወደ ውስጥ እስከ አንድ ጣት ድረስ ደርቆ ይሰባበራል። የመዳቡ ጫፍ ጠቁሯል። የሌሎቹ ሁለቱ ብሎኖች ምንም አልሆኑም። አጥፍተን በኦም ስንለካው ብሬከሩ ውስጥ አንዴ ጥቂት ኦም፣ አንዴ ብዙ ኪሎኦም ያሳያል፤ ስንነካካው ይቀያየራል።

ቆራጩ

እሺ፣ ፊውዝ አይደለም፣ ብሬከር ነው። ያው መስመር ላይ ነው ብያለሁ ግን።

ጠምጣሚዋ

ብሬከሩን መቀየር ብቻ አይበቃም። ትናንት ማታ በሁለት ፌዝ ስንት ሰዓት እንደሠራ አታውቅም። ጥቅሉንም እይ።

ሞተሩን ከገመዱ ፍታና በሦስቱ ጫፎች መካከል በኦም ለካ። የሜትሩን ሽቦዎች አጋጥመህ የምታየውን ቁጥር ቀንስለት፤ እንዲህ ባለ ትንሽ ኦም ላይ ያ ብዙ ነው። ሦስቱ መመሳሰል አለባቸው። በዴልታ አንዱ ጥቅል ከተቆረጠ ግን ማለቂያ የሌለው ቁጥር አትጠብቅ። የቀሩት ሁለቱ ዞረው ያያይዙታል፤ አንደኛው ጥንድ ከሌሎቹ ሁለቱ እጥፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። ከዚያ በ500 ቮልት ሜገር ከሞተሩ አካል ጋር ለካ። ከአንድ ሜጋኦም በታች ከሆነ አታስነሳው፤ ጤነኛና ደረቅ ሞተር ከዚያ ብዙ እጥፍ ያሳያል።

ሞተር ተቃጥሎ እኔ ጋ ሲመጣ ክዳኑን ስከፍት ምን እንዳቃጠለው አያለሁ። በዴልታ የታሰረ ሞተር ፌዝ ጎድሎት ከተቃጠለ ከሦስቱ ጥቅሎች አንዱ ብቻ ከሰል ሆኖ ሁለቱ ንጹህ ናቸው፤ ሙሉውን ቮልቴጅ ለብቻው የተሸከመው እሱ ስለሆነ። በስታር ከሆነ ሁለቱ ጠቁረው አንዱ አዲስ ይመስላል። ሦስቱም እኩል ከጠቆሩ ጭነት በዝቶበት ወይም ዘንጉ ተይዞ ነው። ባለቤቱ "ፌዝ ተሟልቶ ነበር" እያለ ይምላል፤ ጥቅሉ ግን አይምልም።

ተማሪ_ኤሌክትሪክ

አንድ ነገር ብቻ። አንዱ ሽቦ ዜሮ አምፒር ሆኖ ችግሩ ከመስመሩ ሳይሆን ከሞተሩ ውስጥ ቢሆንስ? ማለትም ጥቅሉ ተቆርጦ።

ዘንግና_ኩሽኔታ

የጠየቅኸው ትክክለኛውን ነው። በስታር የታሰረ ሞተር ላይ ይሆናል። አንዱ ጥቅል ከተቆረጠ የዚያ ሽቦ ኮረንት ዜሮ ይሆናል፣ ሞተሩም ያጓራል። ልዩነቱ እያጓራ የሞተሩ ተርሚናል ላይ ስትለካ ሦስቱም ሙሉ መሆናቸው ነው፤ መስመሩ እስከ ደጃፍ ደርሷል፣ ውስጥ የሚቀበል የለም። በዴልታ ግን አንድ ጥቅል ቢቆረጥ ሦስቱም ሽቦ ኮረንት ይስባሉ፣ እኩል ባይሆኑም። የዚህኛው ሞተር ሦስተኛ ሽቦ ንጹህ ዜሮ ስለነበር ከመጀመሪያው ልቤ ወደ ውጪ ነበር ያዘነበለው።

መላጊያ_ቤት

ጥቅሉን ለካን። ሦስቱም 1.6 ኦም፣ ልዩነታቸው አይታይም። ሜገሩ ከ100 ሜጋኦም በላይ ነው።

አዲስ ብሬከር ገብቷል፣ የተቃጠለው የገመድ ጫፍ ተቆርጦ አዲስ መዳብ እስኪታይ ተልጦ ታስሯል። ያለ ቺንጋ አስነሳነው፤ ወዲያው ተነሳ። 4.9፣ 5.0፣ 4.9 አምፒር። ቺንጋውን አስረን እንጨት ስናስገባ ወደ 9 ይወጣል፣ ሦስቱም እኩል።

ዘንግና_ኩሽኔታ

ያ ነው የሚፈለገው። ለሳምንት ያህል ሥራ ላይ እያለ የብሬከሩን አካባቢ ሙቀት ተከታተል። ሦስተኛው ከሌሎቹ ከሞቀ ገና አልታሰረም ማለት ነው።

ቆራጩ

ኦቨርሎዱ ግን ትናንት ለምን አልጣለም? የሱ ሥራ አልነበረም እንዴ?

መላጊያ_ቤት

እኔም እያሰብኩት ነው። ኦቨርሎዱ 14 ላይ ነው የተቀመጠው። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ነው ያስቀመጠው መሰለኝ።

ዘንግና_ኩሽኔታ

ወደ 11 መልሰው፣ ፕሌቱ ላይ ወዳለው። የማታው ሥራ ቀላል ከነበረ በሁለት ሽቦ 12 ወይም 13 አምፒር እየሳበ በ14 ሥር ተደብቆ ሊሄድ ይችላል። ብዙዎቹ ኦቨርሎዶች ሦስቱ እኩል ካልሆኑ ቶሎ እንዲጥሉ ተደርገው ነው የሚሠሩት፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ያንተን ዓይነት ሳላይ ይሄ ነው ልልህ አልችልም። ማሽኑ ውድ ከሆነ የፌዝ መጥፋት ሪሌይ ጨምርበት። የምታስቀምጠው ግን ከብሬከሩ በታች ይሁን፤ ከላይ ካስቀመጥከው ያንተን ዓይነት ብልሽት አያይም።

ጠምጣሚዋ

ጋሼ እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። ከብሬከሩ በታች ቢቀመጥም ቮልቴጅ ብቻ የሚያይ ሪሌይ እየዞረ ያለ ሞተር ሲያታልለው አይቻለሁ፤ ሞተሩ ራሱ የጎደለውን ቮልቴጅ ይሞላለታላ። ኮረንት የሚያይ ይሻላል እላለሁ።

ዘንግና_ኩሽኔታ

ልክ ነሽ፣ ቀላል ጭነት ላይ ያታልለዋል። የኮረንቱ ግን ቅንብሩ ካልተስተካከለ በከንቱ እየጣለ ያስቸግራል፤ ሠራተኞቹ ተሰላችተው ዞረውት ያስሩታል። እኔ ለመላጊያ የቮልቴጁን እመርጣለሁ፣ ቢያንስ ቆሞ እንዳይነሳ ይከለክላል።

መላጊያ_ቤት

ብሎኑ ለምን ላላ ግን? ሌሎቹ ሁለቱ ጥብቅ ነበሩ። የማሽኑ ንዝረት ነው ወይስ ሲታሰር ነው?

ጠምጣሚዋ

ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ሽቦ ያለ ጫፍ ማሰሪያ ታስሮ ከሆነ ከጊዜ በኋላ ጭፍልቅ ይልና ይላላል። ጫፉ ላይ ማሰሪያ ነበረው?

መላጊያ_ቤት

አልነበረውም፣ ግን የሌሎቹ ሁለቱም አልነበራቸውም።

ክሬን_ኦፕሬተር

ጋሼ፣ የፍሬኑን ድምፅ ሰማሁት፣ "ጠቅ" ይላል። ሞተሩ ግን አሁንም ያጓራል፣ ያው 40። ማርሹን ልፍታው ወይስ?

ዘንግና_ኩሽኔታ

ዕቃው መሬት ወርዷል? መጀመሪያ እሱን መልስልኝ።